ለፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ የሚላከው የሰነድ ጥያቄ ደብዳቤ፦ ረቂቄን እዩልኝ

ሲኒየር_ዘንድሮ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ በሲኒየርነት የምመራው የመጀመሪያ የኦዲት ሥራ ደርሶኛል። ደንበኛው መካከለኛ አከፋፋይ ድርጅት ነው፤ ዕቃ እየገዛ በዱቤ ይሸጣል፣ አንድ ዋና መጋዘንና ሁለት ትንንሽ አሉት። ማናጀሬ «ደብዳቤውን አንተ ጻፈው፤ የአምናውን ግን ገልብጠህ እንዳትልክ» አለኝ። ፋይሉን ሳገላብጥ ምክንያቱ ገባኝ። የአምናው ዝርዝር ሦስት ገጽ ነው፤ ከመጣው ሰነድ ግማሹን ማንም አልከፈተውም፣ የሚፈለገው ደግሞ ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው የደረሰው። ረቂቄ ይኸው፣ ስሞቹን ሰርዣለሁ።

> ለወ/ሮ …
> የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ
>
> ጉዳዩ፦ የመስክ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ይመለከታል
>
> የዓመታዊ ሂሳብ ምርመራችንን ለመጀመር እንድንችል ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ሰነዶች በተቻለ ፍጥነት እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።
>
> 1. የዓመቱ መዝጊያ ትሪያል ባላንስ
> 2. ጄኔራል ሌጀር
> 3. የባንክ ማስታረቂያና የባንክ መግለጫ
> 4. የተሰብሳቢ ሂሳብ ኤጂንግ
> 5. የዕቃ ክምችት ዝርዝር
> 6. የቋሚ ንብረት መዝገብ
> 7. ሁሉም የሽያጭና የግዢ ደረሰኞች
> 8. ውሎችና ቃለ ጉባኤዎች
> 9. የደመወዝ መዝገብ
>
> ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ምን ጎደለው? ምንስ በዝቶበታል?

---

ፋይናንስ_ወንበር

እኔ ያለሁት በተቀባዩ ወገን ነው፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየዓመቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል። በግልጽ ልንገርህ ወንድሜ፤ ይህን ብትልክልኝ ሳነበው ስቄ ወደ ጎን አደርገዋለሁ።

ተራ ቁጥር 7ን እይ። «ሁሉም ደረሰኞች» ማለት አንድ ክፍል ሙሉ ሳጥን ነው። በመኪና ላምጣልህ? ኋላ ናሙና መርጠህ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ እንደምታይ እኔም አንተም እናውቃለን። «በተቻለ ፍጥነት» የሚለው ደግሞ ቀን አይደለም። እኔ ጋ ቀን የሌለው ሥራ ቀን ካለው ሥራ ኋላ ነው የሚሰለፈው፣ በክፋት አይደለም።

ሌላው፣ ከመላክህ በፊት ደውለህ «ሂሳቡ የሚዘጋው መቼ ነው?» ብለህ ጠይቀኝ። ያልተዘጋ ትሪያል ባላንስ ብልክልህ አንተ ናሙና ትመርጥበታለህ፣ እኔ በሳምንቱ ማስተካከያ እጨምራለሁ፣ ከዚያ «ቁጥሩ ለምን ተቀየረ?» እያልን ስንነታረክ እንከርማለን።

---

ጥንቁቁ

እኔ በዚህ አልስማማም። ኦዲተር ሁሉንም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቅክ «አልተጠየቅንም» ይሉሃል። በዚያ ላይ ኤክሴል እንዳትቀበል። ኤክሴል እንደፈለጉ ይለወጣል። እያንዳንዱ ሪፖርት በፒዲኤፍ፣ ተፈርሞና ማህተም ተደርጎበት ይምጣ ብለህ ጻፍ። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

---

ፋይል_ዘጊ

ጥንቁቁ፣ ስጋትህ ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን አይሠራም። ማህተም ያረፈበት ፒዲኤፍም የተሠራው እዚያው ድርጅት ውስጥ ነው። ከኤክሴል ተገልብጦ ፒዲኤፍ ለመሆን ደግሞ ደቂቃ አይፈጅም። የዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ አይኤስኤ 500 ደንበኛው ያዘጋጀውን መረጃ ስንጠቀም ትክክለኛና የተሟላ መሆኑን ራሳችን እንድናረጋግጥ ነው የሚጠብቅብን፤ ማህተም ያንን አይተካልንም። በፒዲኤፍ ላይ ደግሞ ድምሩን መደመር፣ መደርደር፣ ናሙና ማውጣት መከራ ነው። ኤክሴሉን ተቀበል፣ ሪፖርቱ ከሲስተሙ ሲወጣ ግን ከቡድንህ አንድ ሰው ቆሞ ይይ። ያ ካልሆነ የወጣበት ስክሪን ፎቶ ከነቀኑና ከነመለያ ምርጫዎቹ አብሮ ይላክ።

ሲኒየር_ዘንድሮ፣ ወደ አንተ ልመለስ። ዝርዝርህ ላይ የጎደለ ሰነድ ከመፈለግህ በፊት ያለውን ለሁለት ክፈለው። አንደኛው ክምር መስክ ሳትወጣ እጅህ መግባት ያለበት ነው፤ ናሙና የምትመርጥበት ወይም ወደ ውጭ ደብዳቤ የምትልክበት ሁሉ እዚህ ይገባል። ትሪያል ባላንስ፣ የጆርናል ዝርዝር፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ሂሳብ ዝርዝር፣ የባንኮች ስምና የሂሳብ ቁጥር፣ የቋሚ ንብረት ጭማሪ ዝርዝር። ሁለተኛው ክምር እዚያው ቢሮአቸው ተዘጋጅቶ የሚቆይህ ነው፦ ቫውቸር፣ ደረሰኝ፣ የማስረከቢያ ሰነድ፣ የሠራተኛ ፋይል፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብ። ለሁለተኛው «ናሙናችንን መርጠን ዝርዝሩን ከመምጣታችን አምስት የሥራ ቀን በፊት እንልካለን» ማለት ይበቃል። ተራ ቁጥር 7 በዚህ ተፈታ ማለት ነው።

ቀጥሎ ለአንደኛው ክምር እያንዳንዱ መስመር ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ የትኛው ቀን ወይም ጊዜ፣ በምን ቅርጽ፣ ከየትኛው ቁጥር ጋር መግጠም እንዳለበት፣ እስከ መቼ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፣ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ግን ከዚያ ነው። የአንተን ተራ ቁጥር 4 ብቻ ውሰድ። «የተሰብሳቢ ሂሳብ ኤጂንግ» ብለህ ብትጠይቅ የሚመጣልህ የትኛው ነው? የዛሬው ወይስ የመዝጊያው ቀን? በደንበኛ ተጠቃሎ ወይስ በኢንቮይስ ተዘርዝሮ? ዕድሜው የሚቆጠረው ከኢንቮይሱ ቀን ወይስ መከፈል ከነበረበት ቀን? የ60 ቀን ዱቤ የተሰጠው፣ ከተቆረጠ 75 ቀን የሆነው ኢንቮይስ በአንደኛው አቆጣጠር ከ61 እስከ 90 ባለው ዓምድ ይገባል፣ በሌላው ገና 15 ቀን ያለፈበት ነው። የመጠባበቂያ ስሌታቸው የቆመው በአንደኛው ሆኖ አንተ ሌላኛውን ይዘህ ብትሄድ ሁለት ቀን በከንቱ ይባክናል።

---

ውስጥ_ኦዲት

ጥሩ ውይይት ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ይህ ደብዳቤ በሥራ አስኪያጁ ተፈርሞ መመለስ የለበትም? የኦዲቱ ክፍያና የሁለቱ ወገን ኃላፊነትስ የት አለ? እኛ ጋ ውጭ ኦዲተሮች ሲመጡ ያ ሁሉ ተጽፎ ነበር።

---

ፋይል_ዘጊ

ያ ሌላ ደብዳቤ ነው፣ የሥራ ውሉ፣ በአይኤስኤ 210 የሚወጣው። እሱ ቀደም ብሎ ተፈርሟል፤ እዚያ ውስጥ ማኔጅመንቱ የሚያስፈልገንን መረጃ ሁሉ ሊሰጠን ተስማምቷል። የአሁኑ ያንን ስምምነት ወደ ሥራ የሚያወርድ ነው እንጂ ፊርማ አይመለስበትም።

---

ሲኒየር_ዘንድሮ

ፋይል_ዘጊ፣ ስለ ተራ ቁጥር 4 ያልከው የአምናውን ፋይል ድጋሚ እንድከፍት አደረገኝ። አምና የመጣው ኤጂንግ ድምሩ 4,655,000 ነው። ትሪያል ባላንሱ ላይ ያለው የተሰብሳቢ ሂሳብ ደግሞ 4,820,000። ልዩነቱ 165,000። የሥራ ወረቀቱ ላይ «ከማቴሪያሊቲ በታች፣ ታልፏል» ተብሎ ተጽፎበታል። ማቴሪያሊቲው 250,000 ነበር። ዘንድሮ እንዳይደገም በደብዳቤው ምን ልበል?

---

ጥንቁቁ

ከማቴሪያሊቲ በታች ከሆነ ምን ችግር አለው? ትክክል ነው ያለፉት። በየሳንቲሙ ብናለቅስ ኦዲት አያልቅም።

---

ፋይል_ዘጊ

165,000 የተጣራ ልዩነት ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ ሳታይ «ትንሽ ነው» ማለት አትችልም፣ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተጠፋፍተው ትንሽ ሊመስሉ ይችላሉ። ፋይሉ ውስጥ የኮንትሮል አካውንቱ ሌጀር ካለ የመጨረሻውን ወር ክፈትና ከሽያጭና ከገንዘብ መቀበያ ሞጁል ያልመጣውን፣ ማለትም በእጅ ጆርናል የገባውን ብቻ ለይ። ባገኘኸው ላይ እንነጋገር።

---

ሲኒየር_ዘንድሮ

ለየሁት። ሁለት ብቻ ናቸው። በመዝጊያው ቀን የገባ 240,000 ዴቢት አለ፤ መግለጫው «ተረክበው ኢንቮይስ ያልተቆረጠላቸው» ይላል። ሌላው የ75,000 ክሬዲት ነው፤ «ከማን እንደሆነ ያልታወቀ የባንክ ገቢ» ይላል፣ ከመዝጊያው ቀን ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ የገባ።

---

ፋይል_ዘጊ

በል ደምረው። 4,655,000 ሲደመር 240,000 ሲቀነስ 75,000 ልክ 4,820,000 ይመጣል። ስለዚህ ልዩነቱ ተገኘ፤ 165,000 የሚባለው ግን አንድ ነገር አልነበረም። በድምር 315,000 የሚሆን ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነበር፣ ያ ደግሞ ከማቴሪያሊቲያችሁ በላይ ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ሳይታዩ መታለፍ አልነበረባቸውም ነው የምልህ።

240,000ው በኤጂንጉ ላይ ስለሌለ ከኤጂንጉ ናሙና ብትመርጥ በፍጹም አይመረጥም። ሽያጭን በመጨረሻው ቀን ከፍ የሚያደርግ የእጅ ጆርናል ደግሞ በየትኛውም ኦዲት መጀመሪያ የሚታይ ነው። ማየት ያለብህ የማስረከቢያ ሰነዶቹን ቀንና በቀጣዩ ወር የተቆረጡትን ኢንቮይሶች ነው፤ ዕቃው ከመዝጊያው ቀን በኋላ ከወጣ ሽያጩ የዚያ ዓመት አይደለም።

75,000ው ሌላ ጣጣ አለው። ገንዘቡ ባንክ ገብቷል፣ ከጠቅላላው ዕዳ ተቀንሷል፣ ከአንድም ደንበኛ ስም ላይ ግን አልተቀነሰም። እንግዲህ የዚያ ደንበኛ ባላንስ ኤጂንጉ ላይ በ75,000 በልጦ ተቀምጧል። ለእሱ የማረጋገጫ ደብዳቤ ቢላክለት «እኔ ያለብኝ ከዚህ በ75,000 ያነሰ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ እናንተም ችግሩን ደንበኛው ውስጥ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። ይህን አስቀድሞ የሚያስይዝህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኤጂንጉ ከትሪያል ባላንሱ ጋር የታረቀበትን ወረቀት፣ ልዩነት ካለ እያንዳንዱ ተለይቶ፣ አብረው ይላኩልን።»

---

ፋይናንስ_ወንበር

እውነቱን ለመናገር ይህ ዓረፍተ ነገር ለእኔም ይጠቅመኛል። ልጆቼ ሪፖርቱን አውጥተው ሲያቀብሉኝ ታርቋል ወይ ብዬ የምጠይቅበት ምክንያት ይሰጠኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከብዙ ሲስተም ጋር ያለ ችግር ነው። የመዝጊያውን ቀን አስገብተህ ኤጂንግ ስታወጣ አንዳንዱ ሲስተም ዕድሜውን ብቻ ነው ወደ ኋላ የሚያሰላው፤ የሚያሳይህ ኢንቮይስ ግን ዛሬ ያልተከፈለውን ነው። ከመዝጊያው በኋላ የተከፈለው ከዝርዝሩ ጠፍቷል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ትክክለኛው ቀን ተጽፎ እያየህ ውስጡ ሌላ ነው። እኛ አሁን ሂሳቡ በተዘጋበት ምሽት ራሱን አውጥተን እናስቀምጠዋለን። ደብዳቤህ ቀደም ብሎ ከደረሰ ይህን መጠየቅ ትችላለህ፤ ከዘገየ ግን እኔም ላገኘው አልችልም።

---

ሲኒየር_ዘንድሮ

ይህን እንዴት ነው የማውቀው፣ ሪፖርቱን ብቻ አይቼ?

---

ፋይናንስ_ወንበር

ከመዝጊያው በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ወር የባንክ መግለጫ ያዝ። ከደንበኛ የገቡ አራት አምስት ትልልቅ ክፍያዎችን ምረጥና የከፈሏቸውን ኢንቮይሶች ኤጂንጉ ላይ ፈልግ። በመዝጊያው ቀን ያልተከፈሉ ስለነበሩ እዚያ መኖር አለባቸው። ከሌሉ ሪፖርቱ የዛሬ ነው።

---

ፋይል_ዘጊ

በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። ስለዚህ ያንን የባንክ መግለጫም ደብዳቤው ላይ ጨምረው፤ የአንተ ተራ ቁጥር 3 የዓመቱን ብቻ ነው የሚመስለው። ደንበኛ ለማረጋገጫ ደብዳቤ መልስ ሳይሰጥ ሲቀርም የምትሄድበት መንገድ እሱው ነው።

---

መጋዘን_ገቢ_ወጪ

ስለ ዕቃው ማንም አላነሳም። እኔ የምሠራው መጋዘን ነው። አንድ ዓመት የኦዲተሮቹ ደብዳቤ የደረሰን ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነበር። «የቆጠራ ዝርዝር» ይላል ዝርዝሩ ላይ፤ እኛም ላክን። ከዚያ መጥተው ድጋሚ ይቆጠር አሉ። እኛ በየቀኑ ዕቃ እያስገባን እያስወጣን ነው፤ ከዛሬው ቆጠራ ተነስተው ወደ መዝጊያው ቀን ለመመለስ የእያንዳንዱን ቀን ገቢና ወጪ ሰነድ እንድንፈልግ ሲያደርጉን አንድ ሳምንት ሙሉ አለቀ። ያውም በተከታታይ ቁጥር መካከል ሦስት የማስረከቢያ ወረቀት ጠፍቶ። ኋላ ተሰርዘው የተቀመጡ ሆነው ተገኙ። ለማንኛውም ቆጠራውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

---

ፋይል_ዘጊ

ልክ ነህ፤ ክምችቱ ከበድ ያለ ከሆነ ቆጠራ ላይ መገኘት በአይኤስኤ 501 ግዴታችን ነው፣ የሚቻል እስከሆነ ድረስ። ስለዚህ ሲኒየር_ዘንድሮ፣ የቆጠራው ጉዳይ በዚህ ደብዳቤ ላይ መጠበቅ የለበትም። የቆጠራው ቀን፣ የሦስቱም መጋዘን አድራሻና የቆጠራ መመሪያው ለብቻው በአጭር ደብዳቤ ከዓመቱ መዝጊያ በፊት ይጠየቅ። በዋናው ደብዳቤ የሚቀረው የተቆጠረው ዝርዝር ከነዋጋው፣ እንዲሁም ከቆጠራው በፊት የመጨረሻ የሆኑት የገቢና የማስረከቢያ ሰነድ ቁጥሮች ናቸው። የተሰረዙትንም አትርሳ።

---

ጥንቁቁ

የማቴሪያሊቲውን ነገር ተቀብያለሁ። ግን አንድ የማልለቅቀው ነገር አለኝ፤ ደብዳቤው ላይ «ሰነዱ ከተባለው ቀን ካለፈ ተጨማሪ ክፍያ እንጠይቃለን» ተብሎ ይጻፍ፣ ግልባጭም ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ይሁን። ያለዚያ ማንም አይሰማህም።

---

ፋይናንስ_ወንበር

ግልባጩን ገና ከመጀመሪያው ደብዳቤ ብታደርግ «ከሳሽ መጣ» ነው የምለው። መጀመሪያ ከእኔ ጋር ጨርስ፤ ቀኑ ካለፈ ያኔ አሳውቅ።

---

ፋይል_ዘጊ

የክፍያው ነገር በሥራ ውሉ ውስጥ ካለ በደብዳቤው መድገም አያስፈልግም፤ ከሌለ ደግሞ ሲኒየር ብቻውን የሚጽፈው አይደለም። በግልባጩ ላይ ግን እኔ ወደ ጥንቁቁ አደላለሁ። የቃለ ጉባኤ መዝገብና የሕግ ጉዳዮች ከፋይናንስ ክፍል ውጭ ስለሚቀመጡ ሌላ ሰው ማወቅ አለበት። እያንዳንዱ መስመር ጎን የሚያዘጋጀው ሰው ስም ቢገባ ምናልባት ይቀልል ይሆናል።

---

ፋይናንስ_ወንበር

ስሞቹን እኔ ልሙላ፤ አንተ ባዶ ዓምድ ተውልኝ። ማን ምን እንደሚሠራ እኔ ነኝ የማውቀው፣ የአምናው ዝርዝር ላይ ሥራ የለቀቀ ሰው ስም ነበረበት።

---

ሲኒየር_ዘንድሮ

የጆርናሉስ? «ጄኔራል ሌጀር» ያልኩትን ፋይል_ዘጊ «የጆርናል ዝርዝር» ብሎታል።

---

ፋይል_ዘጊ

የምትፈልገው የዓመቱን ጆርናል ሁሉ በአንድ ፋይል ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ላይ የጆርናሉ ቁጥር፣ የሂሳቡ ቀን፣ በሲስተሙ የገባበት ቀን፣ ያስገባው ሰው፣ ሂሳቡና መግለጫው ይኑር። ሁለቱ ቀኖች ተለይተው ይምጡ፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ገብቶ ወደ ኋላ ቀን የተሰጠውን የምታገኘው በእነሱ ነው። ሙሉ መሆኑን ለማየት የመክፈቻ ባላንሶቹ ላይ ጆርናሎቹን በየሂሳቡ ደምርና ከመዝጊያው ትሪያል ባላንስ ጋር አስተያይ። ካልገጠመ የጎደለ ጆርናል አለ፤ ናሙና አትምረጥበት። ያ የ240,000 ዓይነቱን ዘንድሮ የምትይዘው ከዚህ ፋይል ነው።

---

ውስጥ_ኦዲት

እኛ ጋ ለውጭ ኦዲተሮች የማየት ብቻ ፈቃድ ያለው የሲስተም መግቢያ እንሰጣለን። ሪፖርቱን ራሳቸው ያወጣሉ፣ ግማሹ ደብዳቤ አያስፈልግም።

---

ፋይናንስ_ወንበር

እኔ አልሰጥም። የደመወዝ ሞጁሉ ተለይቶ መዘጋት እስካልቻለ ድረስ።

---

ሲኒየር_ዘንድሮ

መግቢያውን ማናጀሬን እጠይቀዋለሁ። እስከዚያ ተራ ቁጥር 4 እንዲህ ሆኗል፣ ሌሎቹንም በዚሁ ልክ እየጻፍኳቸው ነው፦

> 4. የተሰብሳቢ ሂሳብ ኤጂንግ፣ በዓመቱ መዝጊያ ቀን እንደነበረ፣ በደንበኛና በኢንቮይስ ተዘርዝሮ፣ ዕድሜው ለመጠባበቂያ ስሌትዎ በሚጠቀሙበት አቆጣጠር፣ በኤክሴል። በመዝጊያው ቀን የወጣ ሪፖርት ካለ እሱን፤ ከሌለ አሁን ሲወጣ የታየውን ስክሪን ፎቶ አብረው ይላኩልን። ክሬዲት ባላንስ ያላቸው ደንበኞች ከሌሎቹ ጋር ሳይጠፋፉ ለብቻቸው ይታዩ። ድምሩ ከትሪያል ባላንሱ ጋር የታረቀበት ወረቀት፣ ልዩነቱ ተለይቶ፣ አብሮ ይምጣ።
> የሚያዘጋጀው፦ ________
> የሚያስፈልግበት ቀን፦ የመስክ ሥራው ከመጀመሩ 20 የሥራ ቀናት በፊት፤ ለደንበኞችዎ የሚላኩትን የማረጋገጫ ደብዳቤዎች ከዚህ ዝርዝር ስለምንመርጥ።

20 ቀን ይበዛ ይሆን?

---

ፋይናንስ_ወንበር

ለኤጂንጉ አይበዛም፣ ሂሳቡ ተዘግቶ ከሆነ። የማረጋገጫ ደብዳቤዎቹን ግን እኔ ልላክልህ፣ ደንበኞቹ የእኔን ስልክ ነው የሚያነሱት።

---

ፋይል_ዘጊ

ፊርማሽን እንፈልጋለን፣ ደብዳቤዎቹ በድርጅቱ ስም ስለሚወጡ። የምንመርጠውም፣ የምንልከውም፣ መልሱ የሚደርሰውም ግን ለእኛ ነው፤ አይኤስኤ 505 በዚህ ላይ ቦታ አይተውም። መልስ የዘገየ ደንበኛ ካለ ደውለሽ ብታስታውሺልን ግን ደስ ይለናል።